ፊደሉ ተበላሽቶ ለመጣ ደብዳቤ፣ ላኪውን ሳናስከፋ መመለስ

ሥራዬ ማመልከቻ መቀበል ነው። ሥልጠና የሚፈልጉ ሰዎች በኢሜይልና በስልክ መልእክት ይጽፉልናል። አነባለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ። ከሚመጣው መካከል ተበላሽቶ የሚደርስ አይጠፋም። አንዱ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ይመጣል። ሌላው መጨረሻው ተቆርጦ ይቀራል። «አያይዤ ልኬአለሁ» ብሎ ምንም ያልተያያዘበትም አለ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ መልስ መጻፍ ከሌላው ሁሉ ይከብዳል። ላኪው እኮ ነገሩ መበላሸቱን አያውቅም! እሱ ዘንድ ሁሉም ደህና ነው። ጽፏል፣ አንብቧል፣ አርሟል፣ ልኳል። «የተላኩ» የሚለውን ከፍቶ ቢያይ ደብዳቤው እንደ ጻፈው ቁጭ ብሏል። በዚህ መሀል «አይነበብም» የሚል መልስ ሲደርሰው፣ ስለ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ስለ እሱ የተነገረ ይመስለዋል። ከዚያ ወይ ይቀየማል፣ ወይ ያፍርና ዝም ይላል። ዝም ያለው ነው ይበልጥ የሚያሳዝነኝ። ማመልከቻው በዚያው ይቀራልና።

ብዙ ሰው መፍትሔው «እባክዎ» መጨመር ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ መልስ ውስጥ «እባክዎ» ሲደጋገም ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ድምፅ ነው የሚመጣው። ላኪውን የሚያሳርፈው መልሱ የሚነግረው ነገር ነው። ምን ደረሰ? የቱ ጎደለ? አሁን በምን መንገድ ቢላክ ይሠራል? ይህን ለመጻፍ ደግሞ ነገሩ የት እንደተበላሸ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ መልስ ከመጀመሬ በፊት የብልሽቱን መልክ እመለከታለሁ። የአማርኛ ጽሑፍ ሲበላሽ መልኩ ራሱ ይናገራል።

ፊደሉ ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታየ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ዘንድ ነው። ደብዳቤው ሙሉ ነው፤ የጎደለው የእኔ ኮምፒውተር ላይ የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት ነው። ያንኑ ደብዳቤ በስልኬ ስከፍተው ጥርት ብሎ ይነበባል። ይህ ሲያጋጥም ስለ ብልሽት አንዲት ቃል አልጽፍም። ደብዳቤው ላይ ምንም ስላልደረሰ የሚታረም ነገር የለም። ይህን ሳያጣሩ «ደብዳቤዎ አይነበብም» ማለት ላኪውን በሌለበት ጥፋት መክሰስ ነው።

ሁለተኛው መልክ እንዲህ ያለ ነው፦

```
áˆ°áˆ‹áˆ
```

ይህ «ሰላም» ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት UTF-8 የሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን የግእዝ ፊደል በሦስት ባይት ያስቀምጠዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ባይት በሁሉም የአማርኛ ፊደላት አንድ ነው። አንድ ፕሮግራም በስሕተት በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ሠንጠረዥ ሲያነበው ያ መጀመሪያ «á» ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ «á» እየተደጋገመ ካየሁ ፊደሉ ተደብቋል እንጂ አልጠፋም እላለሁ። የኢሜይል ፕሮግራሙ የኢንኮዲንግ ምርጫ ካለው ወደ UTF-8 መቀየር ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ከ«ም» ሦስት ባይቶች የመጨረሻው በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚታይ ምልክት የለውም፤ ጽሑፉ ሲገለበጥ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ የተመለሰ ደብዳቤ አንዳንድ ፊደል ሊጎድለው ስለሚችል ስምና አድራሻ ከሆነ ላኪውን ጠይቄ አረጋግጣለሁ።

ሦስተኛው መልክ የጥያቄ ምልክት ነው፦

```
?2009 ??? ???? 7 ??? ????? ???????
```

እዚህ ላይ በመንገድ ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ የላኪው ራሱ፣ ጽሑፉን ግእዝ ወደሌለበት ሠንጠረዥ ቀይሮታል። ያላወቀውን እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ክፍተቱና ቁጥሩ በቦታው አለ፤ ፊደሉ ግን ደብዳቤው ውስጥ የለም። የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። እዚህ ነው መልስ መጻፍ ግድ የሚሆነው፤ እዚህ ነው ደግሞ አጻጻፉ የሚፈተነው።

አንድ ጊዜ የማመልከቻው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። ደብዳቤው ረጅም ነው፤ በአንቀጽ ተከፋፍሏል፤ ከታች የስልክ ቁጥር አለው። ከዓመተ ምሕረትና ከስልኩ በስተቀር ያለው ሁሉ ጥያቄ ምልክት ነው። አንዲት አዲስ ባልደረባዬ መልስ አርቅቃ አሳየችኝ፦

«እርስዎ የላኩት ደብዳቤ አይነበብም። እባክዎ በትክክል ጽፈው በድጋሚ ይላኩ።»

ልጅቷ ክፉ ነገር አላሰበችም። ብዙዎቻችን በጥድፊያ የምንጽፈው ይህንኑ ነው። አብረን ቃል በቃል አየነው።

«እርስዎ የላኩት» ከሚለው ጀመርን። በአማርኛ «የላኩት» ሲባል ላኪው በግሡ ውስጥ አለ። ከፊቱ «እርስዎ» ሲጨመርበት ጣት መቀሰር ይሆናል። «ደብዳቤዎ ደርሶናል» ብንል ስለዚያው ደብዳቤ ተናግረናል፤ የመጀመሪያው ወሬም መልካም ወሬ ይሆናል። ሰውየው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልጉትም መድረሱን ነው።

«አይነበብም» ደግሞ በደብዳቤው ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ለማን ነው የማይነበበው? በምን ምክንያት? «እኛ ዘንድ ፊደላቱ በጥያቄ ምልክት ተተክተው ይታያሉ» ቢባል ግን የምናየውን መናገር ብቻ ነው። ላኪው «እኔ ዘንድ ደህና ነው» ቢሉ ሁለታችንም ልክ ነን። ክርክር አይነሣም።

«በትክክል ጽፈው» የሚለው ከሁሉም ይጎዳል። ሰውየው በትክክል ነው የጻፉት። ከዚህም በላይ ያን ሁሉ ገጽ እንደገና እንዲጽፉ የታዘዙ ይመስላቸዋል። ደብዳቤያቸው ኮምፒውተራቸው ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሌሊቱን ተቀምጠው ፊደል ሲለቅሙ ማሰብ ራሱ ያማል።

«በድጋሚ ይላኩ» የሚለው ግን ከጨዋነትም አልፎ የማይሠራ ምክር ነው። ምክንያቱ አልተቀየረም። በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው መንገድ ቢላክ ያው ጥያቄ ምልክት ነው የሚመጣው። ያኔ ሁለተኛ «አይነበብም» ልንል ነው፣ ቀጥሎ ሦስተኛ። በእንዲህ ያለ ልውውጥ ውስጥ ሰው የሚሰለቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ቃላቱ ምንም ያህል ቢለዝቡ አንዱ ደጋግሞ ያዛል፣ ሌላው ደጋግሞ ይወድቃል።

የጎደለም ነገር ነበር። ጊዜው ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሰውየው መልሱን ሲያነቡ ልባቸው ውስጥ ያለው ጥያቄ «አለፈብኝ ወይ?» የሚለው ነው። ረቂቁ ስለዚህ ምንም አይልም።

ኃላፊያችንን ጠየቅሁ። መጀመሪያ የደረሰበት ቀን እንዲያዝላቸው ፈቀደ። ይህን ሳልጠይቅ ቃል አልገባም፤ ለማጽናናት ብቻ የተነገረ ተስፋ በኋላ ሲፈርስ ከመጀመሪያው ድንጋጤ ይብሳል። ከዚያ የላክነው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልን። ማመልከቻዎ ዛሬ ጠዋት ደርሶናል፤ የደረሰበት ቀንም ተመዝግቧል። ሆኖም ሲጓዝ የአማርኛ ፊደላቱ በጥያቄ ምልክት ተተክተዋል። የስልክ ቁጥርዎና ዓመተ ምሕረቶቹ ብቻ ይነበባሉ። እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ እንዲያዩት ፎቶውን አያይዣለሁ። አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራሞች የአማርኛ ፊደል ሲልኩ ይህ ያጋጥማል። በዚያው መንገድ ቢላክ ሊደገም ስለሚችል፣ ደብዳቤውን ፒዲኤፍ አድርገው ወይም አትመው በስልክ ፎቶ አንስተው ቢልኩልን ይሻላል። እንደገና መጻፍ አያስፈልግዎትም። ማመልከቻዎ በጊዜው እንደገባ ተቆጥሯል፤ የሚነበበውን ቅጂ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ቢያደርሱን ይበቃል። ካልተመቸዎ ከታች ባለው ቁጥር ይደውሉልኝ።»

ረዘም ይላል፣ አውቃለሁ። አጭር መልስ ሁሉ ትሕትና የለውም ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሰው በተጨነቀበት ጉዳይ ሁለት መስመር ሲጻፍለት ፊት የተነሣ ይመስለዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ «እባክዎ» የሚለው አንዴም አልገባም። «ቢልኩልን»፣ «ቢያደርሱን» የሚሉት በራሳቸው ልመና ናቸው። ፒዲኤፍ ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን ራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚሄድ በየፕሮግራሙ ፊደል አይለዋወጥበትም። ድሮ በተሠሩ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ጽሑፉ ኢሜይል ውስጥ ሲለጠፍና ፎንቱ ሲቀር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምችት ይሆናል።

ፎቶ ማያያዙንም እወዳለሁ። የተበላሸውን ጽሑፍ ቀድቶ ከመለጠፍ ይሻላል። የተለጠፈው ጽሑፍ በመልሱ ጉዞ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል፤ ፎቶው ግን ያየሁትን ያሳያል። ላኪው አንዴ ዐይኑን ጣል ሲያደርግበት «እህ፣ ለካ እንዲህ ነው የሆነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ማሳመን አይጠበቅበትም።

አንድ ነገር ሰዎች ይዘነጉታል። የእሳቸው ፕሮግራም አማርኛን የሚያበላሽ ከሆነ የእኔም መልስ እዚያ ሲደርስ ሊበላሽ ይችላል። ርዕሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ስለሚመጣ፣ መልስ ስጽፍ እሱን አጥፍቼ የሚነበብ ርዕስ እተካለሁ። የሰውን የተበላሸ ርዕስ መልሶ መላክ ባይታሰብበትም ጥሩ ስሜት አይሰጥም። መልሱ መጨረሻ ላይም አንድ መስመር በላቲን ፊደል እጨምራለሁ፦ ደብዳቤው መድረሱንና የሚደወልልኝን ቁጥር። አማርኛው ቢጠፋ እንኳ ያቺ መስመር ትደርሳለች።

ሰውየው በማግሥቱ ሁለት ፎቶ ላኩ። የመጀመሪያው ገጽ ጥርት ብሏል። ሁለተኛው ግን ከታች በኩል ደብዝዟል፤ እጃቸው ተንቀሳቅሶ ይሆናል።

ከባዱ ቦታ ይህ ነው። በመጀመሪያው መልስ ሁሉም ሰው ጨዋ መሆን ይችላል። ትዕግሥት ማጣት ሾልኮ የሚገባው በሁለተኛው ላይ ነው፤ የሚገባውም በትንንሽ ቃላት ነው። «አሁንም አይነበብም»፣ «ይሄም ደግሞ ደብዝዟል»፣ «ቀደም ሲል እንደገለጽኩልዎ»። «አሁንም» እና «ደግሞ» ይቆጥራሉ፤ ላኪው ስንት ጊዜ እንዳልተሳካለት ይነግሩታል። «እንደገለጽኩልዎ» ደግሞ «አልሰማህም» እንደማለት ነው። ሁለተኛ መልስ ስጽፍ ሳልልክ በፊት እነዚህን ለይቼ እፈልጋለሁ። ካገኘሁ አወጣለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ያለ እነሱም ይቆማል።

የጻፍንላቸው እንዲህ ነበር፦

«ፎቶዎቹ ደርሰውኛል፤ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። ከሁለተኛው ገጽ ደግሞ የቀሩት የመጨረሻዎቹ አራት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ‹የሥራ ልምዴን በተመለከተ› ከሚለው በታች ያሉት። ሌላ ፎቶ ከማንሳት በስልክ ቢያነቡልኝ ይቀልዎታል ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልደውልልዎት?»

እዚህም «ደግሞ» አለ፤ ግን ሰውየውን አይቆጥርም፣ ገጽን ከገጽ ያገናኛል። ያው ቃል በቦታው ሲውል አይጎዳም። ሌላው ነገር የጎደለውን ማጥበብ ነው። «ሁለተኛው ገጽ አይታይም» ቢባል ገጹ ሁሉ እንደ ጠፋ ነው። አራት መስመር መሆኑ፣ ከየትኛው ሐረግ በታች መሆኑ ሲነገር ሥራው ትንሽ መሆኑ ይታያል። ሌላው ሁሉ መነበቡም ይታወቃል። የተደከመበት ደብዳቤ በእርግጥ መነበቡን ማወቅ ለላኪው ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ጊዜ ከተበላሸ መንገድ እቀይራለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ይላኩ አልልም። መንገዱን ስቀይር ሥራው ወደ እኔ ይመጣል፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

በስልክ ስናወራ መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ፤ ኮምፒውተር እንደማይሆንላቸው ነገሩኝ። «ጋሼ፣ ደብዳቤዎ እኮ በጣም ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ ነው የተበላሸው» አልኳቸው። እውነቱም ያ ነው። ከዚያ እሳቸው አነበቡ፣ እኔ ጻፍኩ። የደበዘዘውን በግምት ሞልቼ «እንዲህ ነው አይደል?» አላልኳቸውም። እንዲያ ሲባል ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል፤ ስሕተቱም መዝገብ ላይ ይቀራል።

ስልክም የራሱ ገደብ አለው። የቀድሞ አሠሪያቸው ስም ላይ ስንደርስ «ሰ» ነው ወይስ «ሠ» የሚለውን ጆሮ አይለየውም። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። ከማስረጃ ጋር የሚመሳከር ስም ከሆነ ይህ ጣጣ ያመጣል። «ንጉሡ ሠ ነው ወይስ እሳቱ ሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ የጠየቅሁበት መንገድ ደስ ያሰኛቸው መሰለኝ፤ ወዲያው መለሱልኝ። ያልተረዳኹትን በዚህ መልኩ ነጥሎ መጠየቅ «አልሰማሁዎትም፣ ይድገሙት» ከማለት ይሻላል። የተቀረውን መስማቴን ይነግራቸዋል።

ሲያልቅ የማረጋገጫ መልእክት ላክሁ። «ሁለቱም ገጾች ተሟልተው ተመዝግበዋል፤ በስልክ የጻፍነውንም ከታች አስፍሬዋለሁ፤ የሚታረም ካለ ይንገሩኝ» የሚል። ይህችን መልእክት ብዙዎች ይተዋታል። ነገር ግን አንዴ የተበላሸበት ሰው በራሱ መንገድ ላይ እምነት አጥቷል። «ተሟልቷል» እስኪባል ድረስ ይሠጋል፤ ሲሠጋ ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፣ ደጋግሞ ይደውላል።

የስልክ አጭር መልእክት ሲቆረጥ ነገሩ ቀለል ይላል፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይረዳል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አማርኛ ሲሆን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ሲበልጥ መልእክቱ እየተከፈለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ክፍል ተራውን የሚናገር ምልክት ስለሚይዝ ቦታው ወደ 67 ይወርዳል። አንድ መካከለኛ አንቀጽ አምስት ስድስት ቦታ ሊከፈል ይችላል። አንዱ ሊዘገይ፣ አንዱ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ግማሽ መልእክት ሲመጣ ወዲያው አልመልስም። ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ የቀረው ክፍል ተከትሎ ይመጣል። ጣቱ ሳይታወቀው ላክ የሚለውን የነካ ሰውም ቀሪውን እየጻፈ ሊሆን ይችላል። እሱን በመሀል «አልገባኝም» ብሎ ማቋረጥ ጥድፊያ ነው።

ካልመጣ የመጨረሻዎቹን የደረሱኝን ቃላት ጠቅሼ እጽፋለሁ፦ «እስከ ‹ሐሙስ ጠዋት› ድረስ ደርሶኛል። ከዚያ ያለውን ብቻ ቢልኩልኝ?» ሁሉንም እንደገና አልጠይቅም። የእኔም መልስ ከ70 ፊደል እንዳይበልጥ እጠነቀቃለሁ፤ እሱም ተቆርጦ እንዳይደርስ። የተቆረጠውን ዓረፍተ ነገር ግን እኔ አልጨርስላቸውም። «ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ ማለት ነው?» ብል፣ ሊሉ የፈለጉት «ሐሙስ ጠዋት አልችልም» ሊሆን ይችላል።

አባሪው ሲቀር የምጽፈው አጭር ነው፦ «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የምስክር ወረቀቱ ግን እኔ ዘንድ አብሮ አይታይም፤ ለብቻው ቢልኩልኝ ከዚሁ ጋር አያይዘዋለሁ።» «አላያያዙም» አልልም፤ አላውቅማ። አያይዘውት የእኛ ማጣሪያ አስቀርቶት ይሆናል፤ ፋይሉ ከብዶ ይሆናል። «አያይዘውት ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄም ለስላሳ ቢመስልም ምርመራ ነው። መልሱ ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም፤ የሚያስፈልገኝ ወረቀቱ ነው።

በሌላ በኩል፣ ሰውየውን ላለማሳፈር ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራስ መውሰድን አልደግፍም። «የእኛ ኮምፒውተር ስለተበላሸ ነው፣ ይቅርታ» የሚሉ አሉ፣ ሳይበላሽ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ላኪው የእሱ ፕሮግራም አማርኛን እንደሚያጠፋ ሳያውቅ ይቀራል። ነገ ለሌላ ቦታ ይልካል። እዚያ ያለው ሰው ምናልባት መልስም አይጽፍለት። እውነቱን ያለ ክስ መናገር ይቻላል፦ «አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲልኩ ይህ ያጋጥማል» ማለት ላኪውን አይነካም፤ የት እንደሚፈልግ ግን ያሳየዋል።

ደብዳቤው ለብዙ ሰው ግልባጭ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን አልነካም። ግልባጩ ውስጥ አለቃው ሊኖር ይችላል፣ ሥራ ባልደረቦቹም። ለላኪው ለብቻው እጽፋለሁ። የሚነበበው ቅጂ ሲደርሰኝ ለሌሎቹ ማስተላለፍ ካስፈለገ «የማመልከቻው ሙሉ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ብዬ እልካለሁ፤ የመጀመሪያው ምን እንደሆነ እዚያ ላይ አላነሣም።